ለጨው ፋብሪካው የተጻፈ የአክብሮት መልስ

ጉ ማልሱን ስትሳደብ ደስ ትላለች። ይህን የምለው ለማሞገስ ነው። ሞክፖ ወደብ አጠገብ የአሳማ አጥንት ሾርባ ስትሸጥ በኖረችባቸው ዓመታት፣ ከባሕር የሚመለሱት ዓሣ አጥማጆች ወደ ቤቷ የሚጎርፉት ለሾርባው ብቻ አልነበረም። "አንተ ሌባ፣ ሩዙን ለማን ትተህ ነው የምትነሳው?" ብላ ስትጮህበት፣ ያ ሚስቱ እንኳ ደህና አደርክ የማትለው ሰውዬ ተመልሶ ቁጭ ይልና እየሳቀ ይጨርሳል። አጭር ናት፤ እጆቿ ግን የትልቅ ሰው ናቸው። የምታስበውን ነገር አፏ ላይ ሳይደርስ ፊቷ ላይ ታነበዋለህ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ብዙ የለም። እኛ እምቢ ለማለት እንኳ ሦስት ጊዜ አመስግነን፣ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብለን ነው።

እኔ ሶክ እባላለሁ፤ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበርኩ። ኩላሊቶቼ ከእኔ ቀድመው ጡረታ ወጡ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የእጥበት ክፍል ገብቼ እተኛለሁ፤ ደሜ በቱቦ ወጥቶ በማሽኑ ታጥቦ ይመለስልኛል። ማልሱንን ያወቅኳት እዚያ ነው። ባሏ ዱክሱ ከእኔ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ይተኛ ነበር። ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ለነገሩ ከእሷ ጋር የሚኖር ሰው መናገሪያ ጊዜም አያገኝ።

የእኛን በሽታ የማያውቅ ሰው የሚያስቸግረን ሞት ይመስለዋል። የሚያስቸግረን ምሳ ነው። ጨው ከበላህ ውሃ ይጠማሃል፤ የጠጣኸው ውሃ ደግሞ መውጫ የለውም፣ ሳንባህ ላይ ይተኛል። እሺ ጨዉን ተውኩ ብለህ ወደ አታክልት ስትዞር ደግሞ ፖታሲየም የሚባል ነገር ይጠብቅሃል። ጤነኛ ሰው በሽንቱ ያስወጣዋል። የእኛ ግን ደማችን ውስጥ ይጠራቀምና አንድ ቀን ልብን ቀጥ ያደርጋል። ድንቹም፣ ጎመኑም፣ ሙዙም፣ ሾርባውም አለበት። በሌላ አነጋገር፣ የሚጥም ነገር በሙሉ ጠላታችን ነው።

ማልሱን ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸጠው የኖረችው ሾርባ ለባሏ መርዝ መሆኑን ስታውቅ፣ ድስቱን ገልብጣ አለቀሰች አሉ። ከዚያ ግን የሆስፒታሉን የምግብ ባለሙያ ጨቅጭቃ ጨቅጭቃ ተማረች። አታክልቱን በስሱ ትከትፋለች፣ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፋለች፣ ትቀቅላለች፣ ውሃውን ትደፋለች፤ እንደገና በአዲስ ውሃ ትቀቅልና ያንንም ትደፋለች። ፖታሲየሙ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ጣዕሙም አብሮ ይሄዳል፤ እሷ ግን በኮምጣጤ፣ በሰሊጥ ዘይትና በተቆላ ሰሊጥ ትመልሰዋለች። ዱክሱ ከተባለለት በላይ ኖረ። ሲሞት እኛ እሷን ዳግመኛ የምናያት አልመሰለንም ነበር። በቀጣዩ ሰኞ የምሳ ዕቃ ተሸክማ መጣች።

"ምን ታፈጣላችሁ?" አለችን። "እሱ ስለሞተ እናንተ ጨው ልትልሱ ነው?"

የኢንተርኔት የምግብ ቻናሏ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ልጇ ዩሪም ዋና ከተማው ሶል ውስጥ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ትሠራ ነበር፤ አባቷ ሲሞት ሥራዋን ትታ ወደ እናቷ ተመለሰች። የሾርባ ቤቱ ተዘግቷል፣ እናቷ ደግሞ ያለ ሥራ መቀመጥ አትችልም። ስለዚህ ዩሪም ስልኳን ማድ ቤቱ ውስጥ ተከለችና ቀረጸቻት። የቻናሉን ስም "ውሃውን ድፉት" አሉት። ማልሱን ካሜራ ፊት ቆማ፣ ልክ እንደ ወደቡ ጊዜ፣ "ድፉት! ምን ታዩታላችሁ? ለማን ልታስቀምጡት ነው?" እያለች ትጮሃለች። በየከተማው ያሉ የኩላሊት በሽተኞች፣ አብዛኞቹ ሽማግሌና አሮጊት፣ ይህን ስድብ ለመስማት ይሰበሰቡ ጀመር። የእናትና የልጅ መተዳደሪያም እሱ ሆነ።

ማልሱንን ከሁሉም በላይ የምታምናት ግን ከእኔ በስተግራ ያለው አልጋ ላይ የምትተኛው እትዬ ቦንግሬ ነበረች። ያንግ ቦንግሬ አንቾቪ የሚባል ደቃቅ የደረቀ ዓሣና የባሕር አረም ነጋዴ የነበረች፣ ዓይኗ የደከመ፣ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ናት። ወንድ ልጇ ኢንቾን ነው የሚሠራው። የማልሱንን ቪዲዮ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ እኛን ሁሉ አስገድዳ ታሰማናለች።

"እትዬ፣ እኔ እዚሁ ቆሜ ለምን ስልኩን ታያለሽ?" ትላታለች ማልሱን።

"እዚያ ስትሆኚ ትቆነጃለሽ" ትላለች ቦንግሬ። "ደግሞ እዚያ ዝም በይ ስልሽ ዝም ትያለሽ። ይኸው፣ ተጫንኩት።"

እንዲህ ነበርን። ከዚያ ነጭ ማዕበል የሚባለው የጨው ፋብሪካ ኢሜይል ላከ።

ያን ቀን እኔ እነማልሱን ቤት ነጭ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ የእጥበት ቀን ካልሆነ ሌላ የምሄድበት የለኝም። ዩሪም ኮምፒውተሯን ይዛ መጥታ ጮክ ብላ አነበበችው። ናም የሚባል የገበያ ክፍል ምክትል ኃላፊ ነው የጻፈው። ቻናሉን በጉጉት እንደሚከታተል፣ አያቱም የማልሱን አድናቂ እንደሆኑ ገልጾ፣ "ቀላል ጨው" የተባለውን አዲስ ምርታቸውን በአንድ ቪዲዮ እንድታስተዋውቅላቸው ስፖንሰር ሊሆኑ እንደሚፈልጉ ጽፏል። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ መታየት አለበት፤ የምትለውንም እነሱ አርቅቀው ይልካሉ። ያቀረቡት ክፍያ ቻናሉ በዓመት ከሚያስገባው ይበልጥ ነበር።

"ቀላል ጨው ማለት ምን ማለት ነው?" አለች ማልሱን።

"የሶዲየሙ ግማሽ ተቀንሷል ይላል።"

"በምን ተተካ?"

ዩሪም ፈልጋ አገኘችው። ግማሹ የፖታሲየም ጨው ነው። ለደም ግፊት ጥሩ ነው ይላል፤ ኩላሊቱ ለሚሠራ ሰው ምናልባት እውነት ይሆናል። ለእኛ ግን ማልሱን ሁለት ጊዜ ቀቅላ የምትደፋውን ነገር በማንኪያ መልሶ ማጉረስ ነው። ከሳጥኑ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ማስጠንቀቂያ አለበት። እኔ መነጽሬን አድርጌ፣ ዩሪም ምስሉን አጉልታልኝ፣ በስንት መከራ አነበብኩት።

ማልሱን እጇን በሽርጧ ጠረገች። "ጻፊ" አለች። "ጨዋችሁ የኔን ሰዎች ይገድላል። ዳግመኛ እንዳትልኩልኝ። ጉ ማልሱን።"

ዩሪም ሳቋ አመለጣት። "እማ፣ ይሄ ኢሜይል ነው ወይስ የወደብ ጠብ?"

"እውነት አይደለም እንዴ?"

"እውነት ነው። እንዲህ ግን አይጻፍም።" ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ስሚኝ፣ እማ። የማስታወቂያው ሥራ ጠባብ ነው፣ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። ይሄ ናም የሚባለው ዛሬ ጨው ይሸጣል፣ በዓመቱ ድስት ፋብሪካ ይገባል። የሚሄደው ስማችንን ይዞ ነው። ማመስገን ነው፣ ከቻናሉ ጋር እንደማይገጥም መናገር ነው፣ ምርታቸውን አለመንካት ነው፣ ከዚያ በሩን ክፍት አድርጎ መውጣት ነው።"

"በሩን ክፍት የማደርገው ለማን ነው?"

"ለድስቱ ነዋ! ለወንፊቱ፣ ለሚዛኑ። በምን እንበላለን ታዲያ?"

ልጅቱ የምታውቀውን ነው የተናገረችው። እንደ ሙያው ልክ ነበረች፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም እሱ ነው። እያነበበችልን ጻፈችው። ጆሮዬ ላይ ስለቀረ ይኸው፦

"ክቡር ምክትል ኃላፊ ናም፣ ቻናላችንን አስበው የትብብር ጥያቄ ስላቀረቡልን ከልብ እናመሰግናለን። የአያትዎን ሰላምታ በደስታ ተቀብለናል። 'ቀላል ጨው' ለብዙ ቤተሰቦች ጥሩ ምርት እንደሚሆን አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ ተመልካቾቻችን የተለየ አመጋገብ የሚከተሉ በመሆናቸው፣ ምርቱ ቻናላችን አሁን ካለው አቅጣጫ ጋር ስለማይገጥም በዚህኛው ጥያቄ አብረን መሥራት ባለመቻላችን እናዝናለን። ወደፊት እንደ ድስት፣ ወንፊት ወይም የወጥ ቤት ሚዛን ያለ ለተመልካቾቻችን የሚስማማ ነገር ሲኖርዎት ቢያሳውቁን በደስታ እንነጋገራለን። በመልካም አጋጣሚ እንደምንገናኝ ተስፋ እናደርጋለን።"

"ቆይ" አለች ማልሱን። "አንድ ነገር ጨምሪ። ፖታሲየሙ ለኩላሊት በሽተኛ አደገኛ ስለሆነ ከሳጥኑ ፊት ለፊት በትልቁ ጻፉት በያቸው።"

ዩሪም ጻፈችው። አንድ ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሰረዘችው።

"ምነው?"

"እማ፣ ውስጡ ምን እንዳለ እነሱ አያውቁም? የራሳቸውን ዕቃ ልናስተምራቸው ነው? እምቢ ስንል እምቢ እንበል እንጂ አንቆጣቸው። ይሄን ካየ ሌላውን ሁሉ ይረሳና ይሄ ብቻ ነው የሚታየው።"

ማልሱን ወደ እኔ ዞረች። "ሶክ፣ አንተስ ምን ትላለህ?"

"እኔ የማውቀው ቀዩ መብራት ላይ መቆምን ነው" አልኳት። ሁለቱም ሳቁ። ኢሜይሉ ተላከ።

የናም መልስ ሳይውል ሳያድር መጣ። እንዲህ ያለ ጨዋ መልስ ደርሶት እንደማያውቅ፣ ውሳኔያቸውን እንደሚያከብር ገልጾ፣ በሩን ክፍት ስላደረጉለትም አመሰገነ። ዩሪም ለእናቷ አሳየቻት፤ ፊቷ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ነበር። ማልሱንም ደስ አላት። ስትሳደብ የኖረች ሴት ጨዋ ስትባል ደስ ቢላት ማን ይፈርድባታል።

ቹሶክ ሲቃረብ በሩ ተንኳኳ። በዚህ የመከር በዓላችን ሁሉም ለሁሉም ስጦታ ይልካል፤ አለቃ ለሠራተኛ፣ ፋብሪካ ለደንበኛ፣ አማች ለአማች። ነጭ ማዕበልም ልኳል። በወርቃማ ጨርቅ የተጠቀለለ የሚያምር ሳጥን ነው፣ ከላዩ የናም ካርድ አለበት፦ "ስለ ክፍት በሩ ምስጋና።" ውስጡ ደግሞ ያው ቀላል ጨው፣ በየማሰሮው ተደርድሮ።

"መልሺላቸው" አልኳት።

"የበዓል ስጦታ ይመለሳል እንዴ? አእምሮህን ታጥበሃል?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ስጦታ መመለስ ፊት ላይ መትፋት ነው። ያውም በደስታ እንነጋገራለን ብሎ ከጻፈ ሰው። እንዲህ ያለውን ስጦታ ሰው የሚያደርገው ለሌላ ማሳለፍ ነው። ማልሱንም የሕንፃውን ጥበቃ አሰበች፤ ሰውየው ጤነኛ ነው፣ እንደ በሬ የጠነከረ። ግን ለበዓሉ ወደ ዘመዶቹ ሄዶ ነበር። እስኪመለስ ሳጥኑን ከሩዝ ማብሰያው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ጨርቁ ስለሚያምር ወደ ጓዳ አልወረወረችውም፤ ሳጥኑም እንደተከፈተ ቀረ። ማሰሮዎቹ ፊታቸውን ወደ ማድ ቤቱ አዙረው ቆሙ።

የቹሶኩን ቪዲዮ የቀረጹት በዚያው ሳምንት ነው። ማልሱን ጎደሬ ሁለት ጊዜ ቀቅላ፣ ሁለት ጊዜ ደፍታ፣ ያለ ጨው የበዓል ጥብስ እንዴት እንደሚሠራ አሳየች። እየተሳደበች፣ እየሳቀች። ከኋላዋ፣ ከትከሻዋ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ስሙ በትልልቁ የተጻፈበት ነጭ ማዕበል ተደርድሯል። ከሦስታችን አንዳችንም አላየነውም። ከተመልካቾቹ አንዷ ግን አይታ ጠየቀች፦ "እናታችን፣ ከኋላዎ ያለው ጨው የቱ ነው? እሱን ነው የሚጠቀሙት?"

ዩሪም ያኔ ነው ያየችው። ለእናቷ አልነገረቻትም። መልስ ጻፈች፦ "ለበዓሉ የተላከልን ስጦታ ነው። እናመሰግናለን፣ መልካም ቹሶክ!" አትጠቀሙበት ብትል ፋብሪካው ያነበዋል፤ በሩ ክፍት ነው ብለው ከጻፉ ወር እንኳ አልሞላም። እንጠቀምበታለን አላለችም። ውሸት አልጻፈችም። ይህን ኋላ ላይ ደጋግማ ነግራኛለች፤ ውሸት አልጻፍኩም፣ ጋሼ ሶክ፣ ውሸት አልጻፍኩም እያለች።

ከበዓሉ በኋላ በነበረው ዓርብ እትዬ ቦንግሬ ወደ እጥበት ክፍሉ እየዘፈነች ገባች።

"ምን አገኘሽ? ባል?" አልኳት።

"ባል ምን ያደርግልኛል? ሾርባዬ ጣመኝ እኮ፣ ሶክ! ስንት ዓመቴ? የአንቾቪ ሾርባ ሠርቼ በላሁ። ለካ ምላሴ አልሞተም።"

"ጨው በልተሻል ማለት ነው" አልኳት። "ማልሱን ትስማሽና ታርድሻለች።"

"ማልሱን ራሷ የፈቀደችው ነው" አለችና ዓይኗን ጠቀሰችኝ። ቀልድ መሰለኝ። ስትዋሽም ስትቀልድም ያው ነው ፊቷ። ነርሷ መርፌዋን ሰካች፣ ቦንግሬም ዘፈኗን ቀጠለች፣ እኔም እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከዓርብ እስከ ሰኞ ያለው ጊዜ ለእኛ ረጅሙ ነው፤ ደም ሳይታጠብ ከሌላው ጊዜ አንድ ቀን ይጨምራል። ብዙዎቻችን የምንሄደው በዚያ ክፍተት ነው። ወርኃዊው የደም ምርመራ ደግሞ ከበዓሉ በፊት ተደርጎ አልፏል። እሑድ ጎረቤቷ እትዬ ቦንግሬን ማድ ቤቷ ወለል ላይ ወድቃ አገኘቻት። ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ ልቧ ሊቆም ትንሽ ነው የቀረው፤ ከዚያ ቆመ። ሐኪሙ ለልጇ ፖታሲየም ነው አለው፣ ከሚበላ ነገር የመጣ።

የለቅሶው አዳራሽ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ነበር። ማልሱን ስትገባ ዘመዶቹ ሁሉ አወቋት። የቦንግሬ ልጅ ቼግዋን የሐዘን ልብሱን እንደለበሰ ተነስቶ፣ ወለሉ ላይ ሰግዶ ሰላምታ ሰጣት። ለለቅሶ የሚቀርበውን ቀይ የሥጋ ሾርባ አቀረቡልን። እኔ አልነካሁትም፣ እሷም አልነካችውም።

"እናቴ ሁልጊዜ ስለ እርስዎ ነበር የምታወራው" አላት ቼግዋን። "ሐኪሙ ከምግብ ነው ይላል። እኔ ግን እንዴት ብዬ ልመን? ከእርስዎ ቪዲዮ ውጪ ምንም አትበላም ነበር። ጨዉን እንኳ እርስዎ የሚጠቀሙበትን ካልሆነ ብላ አስገዛችኝ። ለቹሶክ ምን ልላክልሽ ስላት፣ ማልሱን መደርደሪያ ላይ ያለውን ነጭ ማዕበል አለችኝ። ሁለት ሳጥን ላክሁላት። እስከ መጨረሻው ስለተንከባከቧት አመሰግንዎታለሁ።"

ማልሱን እጆቿን ጭኖቿ ላይ አደረገች። ያ የሚነበብ ፊቷ ምንም የማይነበብበት ሆነ።

"እኔ አልጠቀምበትም" አለች።

"እ?"

"ያ ጨው ነው የገደላት፣ ልጄ። ግማሹ ፖታሲየም ነው። አስተዋውቂው ብለውኝ እምቢ ያልኩት ነው።"

ቼግዋን አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። "አውቀው እምቢ ካሉ" አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ያልገባው ትምህርት እንደሚጠይቅ ሰው፣ "ለምን መደርደሪያዎ ላይ አስቀመጡት?"

"ስጦታ ስለሆነ" አለች።

 ቼግዋን ተነስቶ ወደ እናቱ ፎቶ ሄደና ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ተነስተን ወጣን። ደረጃው ላይ እጇን ያዝኳት።

በማግስቱ ማልሱን ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ቪዲዮ ቀረጸች። ሳትሳደብ የቀረጸችው ብቸኛው ቪዲዮ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ፣ ማን መብላት እንደሌለበት፣ ማን እንደሞተ ተናገረች። ስድቡ ከሌላ ቦታ መጣ። "ስጦታ ተቀብለሽ ደብቀሽ አስተዋወቅሽ፤ ሰው ሲሞት ዛሬ ትከጃለሽ" አሉ። በእኛ አገር ሰው ተከፍሎት ሳይናገር ካስተዋወቀ ይቅርታ የለውም። ሰዉ እየተራገመ ከቻናሉ ወጣ፤ ከወጡት ውስጥ እሷ ለዓመታት ውሃ ያስደፋቻቸው በሽተኞች አሉበት።

"ኢሜይሉን እናውጣው!" አለች ዩሪም። ዓይኗ አብጧል። "እምቢ ማለታችን ተጽፎ አለ አይደል? ይዩት! ገንዘቡን አንቀበልም እንዳልን ይዩት!"

"አንብቢልኝ" አለች ማልሱን።

ዩሪም ማንበብ ጀመረች። "ከልብ እናመሰግናለን" አለች። "'ቀላል ጨው' ለብዙ ቤተሰቦች ጥሩ ምርት እንደሚሆን አንጠራጠርም..." እዚህ ላይ ድምጿ ቆመ።

"ቀጥዪ።"

"እማ..."

"ቀጥዪ እንጂ። ፖታሲየም የሚለው የቱ ጋ ነው?"

የትም የለም። ተመልካቾቻችን፣ መልካም አጋጣሚያችን፣ ወንፊታችን፣ ሚዛናችን ሁሉ አለ፤ እትዬ ቦንግሬን ሊያድን ይችል የነበረው አንድ ነገር ብቻ የለም። ነጻ ያወጣናል ያሉት ጽሑፍ ጨዉ ለተመልካቾቻቸው እንደማይሆን ገና ከመጀመሪያው ያውቁ እንደነበር ይመሰክራል። ዩሪም ኮምፒውተሩን ዘግታ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እናቷ አልተቆጣቻትም። ራሷን ዳሰሰቻትና፣ "የተማርሽውን ነው የሠራሽው" አለቻት። እኔ ግን ተቆጥቼ ነበር፤ በማን እንደምቆጣ ስላላወቅኩ ነጭ ሽንኩርቱን እየጨፈለቅኩ ዋልኩ።

በመጨረሻ ማልሱን ራሷ ለፋብሪካው ጻፈች። በሁለት ጣት፣ ቀኑን ሙሉ። ዩሪም ላርምልሽ ብትላት አልፈቀደችም። ያንግ ቦንግሬ የምትባል ሴት በጨዋችሁ ሞታለች አለች። ዓይኗ ስለደከመ ከጀርባ ያለውን ደቃቅ ፊደል ማንበብ አትችልም ነበር አለች። የኩላሊት በሽተኛ እንዳይበላው ብላችሁ ከሳጥኑ ፊት ለፊት በትልቁ ጻፉልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ገንዘብም ካሳም አልፈልግም አለች። ታች ላይ ስሟን ጻፈች። ከዚያ በየቀኑ መልስ መጣ ወይ እያለች ዩሪምን ትጠይቃለች። አሮጊቷን መመለስ አይቻልም፤ ያችን ትልቅ ጽሑፍ ሳጥኑ ላይ ማየት ግን ፈልጋለች። እንደዚያ ስትፈልግ አይቻት አላውቅም፣ ዱክሱ ታሞ እያለ እንኳ።

መልሱ ሲመጣ እኔም ነበርኩ። ምክትል ኃላፊ ናም ነው የጻፈው። ዩሪም ጮክ ብላ አነበበችው፦

"ክብርት ወይዘሮ ጉ፣ ለምርታችን ስላሳዩት ትኩረትና ስለ ውድ አስተያየትዎ ከልብ እናመሰግናለን። በደረሰው ነገር ሐዘን ተሰምቶናል። ሐሳብዎ ለብዙዎች የሚጠቅም እንደሆነ አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ ማሸጊያችን የሕጉን መስፈርት የሚያሟላ በመሆኑና ሐሳቡ አሁን ካለን የንድፍ አቅጣጫ ጋር ስለማይገጥም በዚህ ጊዜ ልንቀበለው ባለመቻላችን እናዝናለን። ወደፊት የወጥ ቤት ዕቃዎች ለማምረት ስላሰብን፣ በመልካም አጋጣሚ እንደምንገናኝ ተስፋ እናደርጋለን።"

ዩሪም አንብባ ጨረሰች። ምድጃው ላይ ጎመን እየፈላ ነበር። ማልሱን ተነሳች፣ ድስቱን በሁለት እጇ አንስታ ውሃውን ደፋች፣ አዲስ ውሃ ሞላችበትና መልሳ ጣደችው።

"በደንብ ተጽፏል" አለች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችን። "አንድም ክፉ ቃል የለበትም።"